ለማንም የሚሆን ደብዳቤ

ልጅ ሳለሁ ዳባት ገበያ ዳር፣ ከአንድ ወይራ ሥር ሁለት ሽማግሌዎች ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። ማን እንደነበሩ አላውቅም። አንደኛው ለጎረቤቱ ምስክር ሆኖ ከዳኛ ፊት ቆሞ መመለሱ ነበር መሰለኝ።

«ሰውየው ደግ ነው አልኳቸው» አለ።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዳኛው ‹ምን ሲያደርግ አየኸው?› አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

የመለሰውን አላስታውስም። አባቴ ጠርቶኝ ይሁን ወይም በቅሎ መሐል ገብታ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቶብኛል። ብቻ ተናጋሪው በከዘራው መሬቱን እየጫረ በጣም ተቆጥቶ ነበር። በዳኛው ይሁን በራሱ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ያን ነገር መልሶ ያመጣብኝ የማንጠግቦሽ ደብዳቤ ነው። ሰው ሁሉ «ጓድ» በሚባልበት ዘመን፣ ደባርቅ ላይ በአንድ የጤና መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። በእጅ የተጻፈውን በጽሕፈት መኪና መምታት ነው ሥራዬ። አለቃችን ጓድ አሻግሬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ይፈራል። ከእሱ በፊት የነበረው አለቃ መጋዘን ውስጥ መድኃኒት ጊዜው አልፎበት ተገኘና «አሻጥር ነው» ተብሎ ተወሰደ። ሲመለስ ሰላምታ እንኳ ድምፅ አውጥቶ የማይመልስ ሰው ሆኖ ነው። አሻግሬ በዚያ ሰው ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። ከዚያ ወንበር ሆኖ የሚጽፈው ነገር ሁሉ ማንንም የማያስጠይቅ፣ ለሁሉም የሚበቃ፣ እንደ ልብስ ሳይሆን እንደ ብርድ ልብስ ያለ ነበር።

ማንጠግቦሽ ደግሞ የመካነ ብርሃን ጤና ረዳት ነች። ጣቢያው አንድ ክፍል ነው፤ ሠራተኛውም እሷው ብቻ። ከዚያ ደባርቅ ለመድረስ ገደሉን ወርዶ ወጥቶ መንገድ ላይ ማደር አለ። በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ የገጠር አዋላጆች ኮርስ ሊከፈት ማስታወቂያ መጣ። ከየአውራጃው አንድ ሰው ይወሰዳል። ማስታወቂያው በግልጽ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነበር፤ የቅርብ አለቃ፣ እጩዋ ሐኪም በሌለበት በወሊድ ሥራ ምን እንደሠራች በተጨባጭ ይግለጽ፤ ደግሞም ኮርሱን ስትጨርስ ተመልሳ በገጠር የምትሠራ መሆኗ ይታወቅ። ደብዳቤው ማንጠግቦሽ ደባርቅ በገባችበት ዕለት ማግስት ጠዋት በሚነሳው አውቶቡስ ጎንደር ካልገባ ጊዜው ያልፋል።

የነቢያት ጾም ነበር፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ማንጠግቦሽ ከመንገድ እንደገባች ጫማዋን ሳታወልቅ እኔ ክፍል መጥታ አሻግሬ የጻፈላትን የድጋፍ ደብዳቤ ረቂቅ ተቀበለችኝ። ቆማ አነበበችው። ፊቷ እየበራ ሄደ። ያን ሁሉ ዓመት ሥራዋን በጽሑፍ ያመሰገናት ሰው አልነበረም።

«ጋሽ ያርጋል፣ ይኼን ሁሉ እሱ ነው የጻፈው?» አለችኝ።

እሱ ነው አልኳት።

ከመስኮቱ ሥር ሲስተር ደብረወርቅ ተቀምጣ ነበር። ደብረወርቅ የዳባት ነርስ ነች፤ ክትባት ልትረከብ መጥታ የመጋዘኑን ቁልፍ ትጠብቃለች። ከገጠር በቃሬዛ የሚመጡ እናቶች መጀመሪያ የሚያርፉት እሷ እጅ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ደግሞ ለሌላ ኮርስ ጎንደር ላይ ከመራጮች ጋር አስቀምጠዋት የየአውራጃውን ደብዳቤ አንብባለች። ማንጠግቦሽ ደስታዋን ለብቻዋ ልትይዘው አልቻለችምና ወረቀቱን ሰጠቻት። አስተያየት እንድትሰጣት አልነበረም፤ እንድታይላት ነው።

ደብረወርቅ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ እርሳሴን ከጠረጴዛው አነሳች።

«ጓድ ማንጠግቦሽ ታታሪ፣ ትሁትና ቆራጥ ስትሆን» ብላ ድምፅ አውጥታ ጀመረች፤ «ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ተግባብታ የምትሠራ…» ቀና አለች። «መካነ ብርሃን ባልደረባ አለሽ እንዴ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የተግባባሽው፣ ከዝንጀሮ ጋር?»

ሣቅሁ፤ ማንጠግቦሽ ግን አልሣቀችም። ደብረወርቅ ያችን መስመር ሠረዘቻት። ቀጠለች። «በሥነ ሥርዓቷ የተመሰገነች» የሚለውንም ሠረዘች፣ የት፣ መቼ፣ በማን ፊት ነው ብላ። «ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ሌት ተቀን የምትደክም» የሚለው ላይ ትንሽ ቆየች። ይኼ እውነት ነው፣ ግን ባለፈው ዓመት ያነበብኩት ደብዳቤ ሁሉ ሌት ተቀን ይደክም ነበር አለች። መራጮቹ እንዲህ ያለውን ሲያገኙ ሣቅ ብለው ወደ ጎን ነው የሚያደርጉት። የሚይዙት፣ ሴትዮዋ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት እንዲህ አደረገች፣ እንዲህም ሆነ የሚለውን ነው። ይኼ ሲገኝ፣ ቀልጣፋ ናት፣ ጎበዝ ናት ማለት ራሱ አያስፈልግም፤ አንባቢው ለራሱ ይለዋል።

«እዚህ ውስጥ» አለች ወረቀቱን በጣቷ እየመታች፣ «አንዲት እናት የለችም። አንድ ሕፃን የለም። ወሊድ የሚለው ቃል እንኳ አልገባም። ለዘበኛ ብትሰጭው ይሆነዋል።»

ማንጠግቦሽ ወረቀቱን ልትነጥቃት እጇን ዘረጋች። ደብረወርቅ አልለቀቀችም፤ ገና አልጨረሰችም ነበር። «በንብረት አያያዝ ረገድ ባሳየችው ጥንቃቄ» የሚለው ጋ ስትደርስ ግራ ገባት። የምን ንብረት ነው ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛችን ቢራራ ለፖለቲካ ትምህርት ሲላክ የተጻፈለት ደብዳቤ ነው፤ አሻግሬ ስሙን ለውጦ ጾታውን አስተካክሎ በእጁ ገልብጦታል። ይህንኑ ነገርኳቸው።

 ከዚያ ደብረወርቅ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር አነበበች። «በማንኛውም የሥራ መስክ፣ በተለይም በዋና መሥሪያ ቤት ደረጃ ብትመደብ ከፍተኛ ውጤት እንደምታስመዘግብ አንጠራጠርም።» እርሳሱን እስኪሰበር ተጭና ሠረዘችው።

«እሱን ተዉት!» አለች ማንጠግቦሽ።

«ከሁሉ የሚገድልሽ እሱ ነው።»

«እሱን ተዉት አልኩዎ እኮ ሲስተር። ሌላውን ይሠርዙ። እሱ አንድ ሰው ለእኔ ያሰበልኝ ነው።»

ደብረወርቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ልታስረዳት ሞከረች። ኮርሱ ገጠር የሚቀር ሰው ነው የሚፈልገው፤ ገጠር ሰው አልቆይ ስላለ የተከፈተ ነው። አለቃዋ ለዋና መሥሪያ ቤት ትሆናለች ብሎ ከጻፈ፣ መራጮቹ ይህችን ብናስተምራት ከተማ ትቀራለች ብለው ወንበሩን ለሌላ አውራጃ ይሰጡታል። ማንጠግቦሽ አልሰማቻትም። አምቃ የያዘችው ቁጣ ያኔ ፈነዳ። እናንተ አውራ ጎዳና ዳር ናችሁ አለቻት። ዳባት መብራት አለ፣ መኪና ያልፋል፣ እህል ውድ ሲሆን አምባ ጊዮርጊስ ሄዳችሁ ትሸምታላችሁ። እኔ ታምሜ ስተኛ ሙቀቴን የሚለካ ሰው የለኝም። የሞተች እናት ስትኖር ከዘመዶቿ ጋር ፊት ለፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ። አንድ መልካም ቃል ቢጻፍልኝ እሱንም በእርሳስ ትበሱታላችሁ። ይኼን ሁሉ ስትናገር አላለቀሰችም፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር።

ደብረወርቅ ተነሳች። እሷም ተቆጥታ ነበር፣ ግን በማንጠግቦሽ አልነበረም። ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ ወደ አለቃው ክፍል ገባች። እኛም ተከተልን።

አሻግሬ የተሠራረዘውን ረቂቅ ጠረጴዛው ላይ ሲያየው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ቀላ።

«የመሥሪያ ቤት ወረቀት ነው ይኼ፣ ሲስተር። አንቺ የዳባት ነሽ። ማን ፈቀደልሽ?»

«የቢራራ ደብዳቤ ነው ይኼ፣ ጓድ አሻግሬ። ቢራራ ያዋለደው ሰው ካለ ይንገሩኝና ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አሻግሬ ወደ እኔ አየ። እኔ ወለሉን አየሁ። ሰውየው እልኸኛ ስላልሆነ፣ መገልበጡን አልካደም። ቁጣው ግን ሌላ መንገድ ያዘ፦ አመሰገንኳት፤ አንድም ክፉ ቃል አላስገባሁም፤ ከዚህ የተሻለ ምን ይጻፍ አለ። ደብረወርቅ የሚጻፈውን ነገረችው። መካነ ብርሃን ወርደው አይተው እንደማያውቁ አውቃለሁ፤ የማያውቁትን እንዲጽፉ አልጠይቅም፤ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ሴቶቹ እኔ እጅ ነው የሚገቡት፤ ከእኔ ሰምተው፣ ከማን እንደሰሙ ጠቅሰው ይጻፉ አለች።

ከዚያ ሁለት ነገር አወራች። አንደኛው፣ የመጀመሪያ ልጇ ከረጅም ምጥ በኋላ የሞተባት አጭር ሴት ነበረች። ደግማ ስታረግዝ ማንጠግቦሽ ሆዷን መርምራ፣ ይህቺ እቤቷ መውለድ የለባትም አለች። ባልየው አዝመራ ነው ብሎ እንቢ አለ። ማንጠግቦሽ አልተጨቃጨቀችውም፤ ወደ ንስሐ አባቱ ሄደች። ቄሱን ካስረዳች በኋላ ቄሱ ባልየውን ጠርተው አነጋገሩት። ሴትዮዋ ምጥ ሳይጀምራት፣ ገና መንገዱን ስትችለው በበቅሎ ወጥታ ደባርቅ ዘመድ ቤት ቆየች፤ ምጡ ሲመጣ በመኪና በዳባት፣ በደብረወርቅ እጅ አልፋ ጎንደር ገብታ በቀዶ ጥገና ወለደች። እናትም ልጅም አሉ።

«ልብ ይበሉ» አለች ደብረወርቅ፤ «ያዋለደችው እሷ አይደለችም። አላዋልድም ማለቷ ነው ሥራው። ኮርሱ የሚፈልገው ይህን የምታውቅ ሴት ነው። ማንን ማስቀረት፣ ማንን መላክ እንዳለባት የምታውቅ።»

ማንጠግቦሽ በሩ ላይ እንደቆመች ነበር። እሷ ያንን እንደ ሥራ አልቆጠረችውም መሰለኝ፤ ለማስታወስ ስትጥር ታየኝ።

ሁለተኛው ደም ነበር። አንዲት እናት ልጁ ከወጣ በኋላ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ትደማለች። ማሕፀን የሚያኮማትረው መርፌ ጣቢያው ውስጥ የለም። ማንጠግቦሽ ሽንቷን በቱቦ አወጣች፣ ሕፃኑን ጡት አስያዘች፣ ሆዷን እያሸች ጠበቀች፤ አልጎተተችም። የእንግዴ ልጁ በራሱ ወጣ፣ ደሙም ቆመ። በኋላ ሴትዮዋ ገርጥታ ዳባት ስትመጣ፣ ከማንጠግቦሽ የተላከው ማስታወሻ ምን እንደሆነና ምን እንደተደረገ አንድ በአንድ ይናገር ስለነበር፣ ደብረወርቅ ምንም ሳትጠይቅ ሕክምናውን ቀጥላለች።

አሻግሬ ይህን ሲሰማ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«መርፌው አለመኖሩን ነው የምትጽፊብኝ?»

«ነው እንጂ። አለመኖሩ እኮ ነው ነገሩ።»

«ይኼ ድጋፍ አይደለም፤ ክስ ነው። ሴትዮዋን ታስመርጫለሽ፣ እኔን ታስይዣለሽ። ‹መርፌ ለምን አልላከም?› ይላል አንዱ። ከላይ አልመጣልኝም ብል ማን ይሰማኛል? ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረውን አታውቂውም?»

ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ራሱን ሰምቶ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ ማንም አለመቆሙን አረጋገጠ። ያኔ ነው ደብዳቤው ለምን እንደዚያ ባዶ እንደሆነ ሁላችንም የገባን። ስንፍና ብቻ አልነበረም። ታታሪ ናት ብሎ የጻፈን ሰው ማንም አይጠይቀውም።

ደብረወርቅ ግን አላዘነችለትም፤ ያን ቀን ማንም ለማንም አላዘነም። እርስዎ እንዳይጠየቁ ብለው እሷን ያጠፏታል አለችው። ደግሞም የእናቶቹ ስም፣ ቀበሌያቸው፣ ምናቸውም እዚህ አይገባም፤ ሰው የነገረንን ሕመም በደብዳቤ አናዞርም፤ ማንም ይዞ የሚመጣብዎ ነገር የለም። እሱ ደግሞ፣ መርፌው ይውጣና የቀረውን እጽፋለሁ አለ። እሷ አይሆንም አለች። መርፌው ቢኖር ማንም ይወጋል፤ መርፌውን ካወጡት ማንጠግቦሽንም አውጥተዋታል። እሱ ጠረጴዛውን መታ። እሷ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ክትባቱን ረሳችው። የምሳ ሰዓት አለፈ፤ ጾም ስለሆነ ማንም ምሳ አላስታወሰም።

ያንን ጭቅጭቅ የቆረጠው የማንጠግቦሽ ድምፅ ነበር።

«‹መርፌ ባልነበረበት ሰዓት› ብትሉትስ? ማን አላመጣም አትበሉ። እኔም ማን እንደሆነ አላውቅም።»

አሻግሬ ቃሉን በአፉ ውስጥ ደጋግሞ አለው። እሺ አለና ብዕሩን አነሳ። በራሱ እጅ፣ «የእጩዋን ጣቢያ ሄጄ ባላየውም፣ ወደ ላይ የላከቻቸውን እናቶች ከተቀበለችው ነርስ እንደተረዳሁት» ብሎ ጀመረ። ሁለቱንም ነገር ጻፈ። ሲጽፍ አየሁት፤ የሚያምር የእጅ ጽሑፍ ነበረው፤ ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም። ስለ ንስሐ አባቱ እንዳይነካ ደብረወርቅ ጠየቀችው፤ ቄስ በመሥሪያ ቤት ወረቀት የማይጠቀስበት ዘመን ነው። «በአካባቢው ሰው ዘንድ ተሰሚነት ባላቸው አዛውንት በኩል» አለው። እውነት ነው፣ አልዋሸም።

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ቀረ። ደብረወርቅ፣ «ኮርሱን ስትጨርስ ወደ ጣቢያዋ ተመልሳ ትሠራለች» ይባል አለች። ማንጠግቦሽ ከበሩ ተላቀቀች።

«ማን ነገራችሁ?»

ሁላችንም አየናት።

«ማንም አልጠየቀኝም እኮ። ያችን ‹ዋና መሥሪያ ቤት› የምትል ቃል የወደድኳት ለምን ይመስላችኋል? መውጣት ፈልጌ ነው። ደክሞኛል። አሁን ደግሞ ተመልሳ ትገባለች ብላችሁ በማኅተም ልትዘጉብኝ ነው?»

 ደብረወርቅ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ስትቆርጥና ስትሠርዝ የዋለች ሴት፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንግዲያው ደብዳቤው አይላክ አለች። ያልፈለግሽውን አንጽፍም፤ ወንበሩ ለገጠር ነው፤ ልብሽ ከተማ ከሆነ ለሌላዋ ይሁን፤ ይህን ስልሽ በክፋት አይደለም።

ማንጠግቦሽ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ አሻግሬ ዞረች። ቁጣዋ አልበረደም፤ ግን አሁን ቦታ አግኝቶ ነበር።

«ሴቶቹን አይደለም የምሸሸው» አለች። «ብቻዬን መሆኑን ነው። አንድ ሰው አብሮኝ ቢኖር፣ ስተኛ የሚነሳ፣ ስሄድ ጣቢያውን የማይዘጋ፣ እመለሳለሁ። ተመልሼም እቀመጣለሁ። ግን ‹ይታሰብበታል› የምትሉትን ቋንቋ አውቀዋለሁ። እኔ እመለሳለሁ ተብሎ በሚጻፍበት ወረቀት ላይ፣ እናንተም ሰው እንደምትጨምሩ ይጻፍ። የኔ ቃል ብቻውን አይሂድ።»

አሻግሬ ይህ በእሱ ሥልጣን እንዳልሆነ ነገራት። ሰው የሚመደበው ከጎንደር ነው፤ እሱ የሚችለው መጠየቅ ብቻ ነው። እንኪያስ ጠይቁና መጠየቃችሁን ጻፉ አለችው። ባይሰጡኝስ አለ። ባይሰጡዎ እንደጠየቁ ይታወቃላ አለች ደብረወርቅ። እሱ ያኔ ብዕሩን አስቀመጠው። ፊቱን በሁለት እጁ አሸው። መርፌው ያለፈ ነገር ነበር፤ ይኼ ግን ነገ ተመልሶ ደጁን የሚያንኳኳ፣ ስሙ ያለበት ቃል ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲጽፍ አይቼ አላውቅም።

«ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ንዴቱ ገና ነበር። «ምስጋና ጻፍልን ብላችሁ ገብታችሁ ዕዳ አስይዛችሁኝ ልትወጡ።»

 ማንጠግቦሽ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ደብረወርቅ የተሠረዘውን የቢራራን ደብዳቤ አራት ቦታ አጣጥፋ ጠረጴዛው ዳር አስቀመጠች።

በመጨረሻ አሻግሬ ብዕሩን አነሳ። እመለሳለሁ የምትለውን ቃሏን ጻፈ፤ ከሥሩም መሥሪያ ቤቱ የሥራ ቦታዋን እንደሚጠብቅላት፣ ለጣቢያው ሁለተኛ ሠራተኛ እንዲመደብ በዚያው ዕለት በራሱ ፊርማ እንደሚጠይቅና እስኪመለስለትም እንደሚከታተል አሰፈረ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው፤ ሁለቱንም አሁኑኑ ምታ፣ ደብዳቤውንም ጥያቄውንም፣ ሁለቱንም እፈርማለሁ አለኝ።